የልጅ ሐዘን ምንድን ነው? አባት ወይም እናት የሞተበትን ልጅ ማነጋገር

የልጅ ሐዘን ልጅ የሚወደው ሰው ሲሞትበት የሚያዝነው ሐዘን ነው። ከትልቅ ሰው ሐዘን የሚለየው ልጁ ሞት ምን እንደሆነ ገና እየተማረ የሚያዝን በመሆኑ ነው። መርዶ የተረዳ ትልቅ ሰው «ሞተ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚከብደው መቀበሉ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ግን ቃሉን ሰምቶ «መቼ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሲል እየካደ አይደለም። ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አልገባውም።

ልጅ ሞትን ተረዳ የሚባለው አራት ነገሮች ሲገቡት ነው። የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም። አካሉ ሥራውን ሁሉ አቁሟል። የሞተበት ምክንያት አለ። ሞት ደግሞ ለማንም አይቀርም። አብዛኞቹ ልጆች እነዚህን ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጨብጧቸዋል፤ የሚዘገዩም አሉ፣ አራቱም በአንድ ቀን አይመጡም።

በፈረንጆች 1948 ማሪያ ናጊ የተባለች ሃንጋሪያዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከቡዳፔስት ልጆች ጋር ያደረገችውን ጥናት አሳትማ ነበር። ከ5 ዓመት በታች የነበሩት ልጆች ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ ነበር የሚያዩት። ይህን ልብ ማለት ያሻል፤ እኛም ለልጅ የምንነግረው ይህንኑ ነውና። «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል»፣ «እናትሽ ተኝታለች»፣ «አርፏል» እንላለን። የምንለው ለማባበል ነው፤ ልጁ ግን ሊወጣበት የሚገባው ስሕተት በእኛው አፍ ይጸናበታል። «ሄዷል» የተባለ ልጅ በር በሩን ያያል፣ ባጃጅ ደጅ ላይ በቆመ ቁጥር ይሮጣል፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ «ለምን ጥሎኝ ሄደ?» ማለት ይጀምራል። «ተኝታለች» የተባለች ልጅ መኝታ ትፈራለች፣ እናቷን ወይም አያቷን ሌሊት እየቀሰቀሰች መተንፈሳቸውን ታረጋግጣለች። «ፈጣሪ ስለወደደው ወሰደው» የተባለ ደግሞ እኔንም ከወደደኝ ይወስደኛል ብሎ ይሰጋል።

ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። ከከተማውና ከዙሪያው ብዙ እናቶች እውነትም አረብ አገር ሄደው የሚሠሩ ስለሆኑ፣ «እናትህ አረብ አገር ናት» የሚለው ውሸት ለልጅ በጣም የሚታመን ነው። የጎረቤቱ እናት በስልክ ስታወራ እያየ የእኔዋ ለምን አትደውልም ማለቱ አይቀርም። ሌላው ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም በሚነገርበት ቤተሰብ እናት «ሞተ» ስትል አያት «ቦቆቴ» ሊሉ ይችላሉ፤ አረፈ ማለት ነው። ልጁ ሁለት የተለያየ ወሬ የሰማ ይመስለዋል። ስለዚህ ከመንገር በፊት ትልልቆቹ ቃሉን ይስማሙበት፤ በአማርኛ «ሞተ»፣ በኦሮምኛ «ዱኤ»። ልጁ ሲያለቅስ የሚያለቅስበት ቋንቋ የትኛው ነው? በዚያው ይነገረው።

አንድ ቤት እንውሰድ። አባት በጉበት ሕመም ለወራት ታሞ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ሞተ። ልጆቹ የ4 ዓመት ሴት፣ የ8 ዓመት ወንድና የ14 ዓመት ሴት ናቸው። እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው እናትን ያረዳሉ፤ ትንንሾቹ ግን ለቅሶው እንዳያስደነግጣቸው ተብሎ ጎረቤት ቤት ወይም አጋሮ አክስት ጋር ይላካሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ በአንድ ጠዋት አባታቸውን አጥተዋል፤ ተልከው ሲሄዱ ደግሞ እናታቸውን፣ ቤታቸውንና አልጋቸውን በዚያው ቀን ይነጠቃሉ። ትልቋ ደግሞ ስልክ ካላት መርዶውን ከሰው የቴሌግራም ፎቶ ላይ ልታነበው ትችላለች።

ልጅ በዚያው ቀን፣ ድንኳኑ ከመተከሉና ሰው ከመሙላቱ በፊት መርዶው ሊነገረው ይገባል። የሚነግረው በሕይወት ያለው ወላጅ ነው፤ እሷ ወይም እሱ አልችል ካሉ ልጁ በየቀኑ የሚያየው፣ የሚያምነው ዘመድ ይንገር። ጸጥ ባለ ክፍል ከልጁ እኩል ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ አንድ ማዘጋጃ ዓረፍተ ነገር ይቅደም፦ «በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግራችሁ ነው።» ከዚያ ዋናው፦ «አባዬ ሌሊት ሞተ። ጉበቱ በጣም ታሞ ነበር፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፣ ግን አልዳነም። ሰው ሲሞት ልቡ መምታት ያቆማል፣ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም።» ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝምታውን በምክር መሙላት ያምረናል፤ ልጁ ግን የራሱን ጥያቄ የሚያወጣው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። የሕመሙን ስም መጥራት የሚያስፈልገው «ታሞ ሞተ» ብቻ ከተባለ እናቱ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ልትሞት ነው ብሎ ስለሚደነግጥ ነው። ገነትና ትንሣኤ የሚነገሩት የአካሉ ነገር ግልጽ ከሆነ በኋላ፣ በቤቱ እምነት ቃል ነው። አስቀድመው ከተነገሩ ትንሿ «ገነት በባጃጅ ይኬዳል?» ትላለች።

የ4 ዓመቷ ይህን ሰምታ «እሺ፣ ዳቦ ስጪኝ» ልትል ትችላለች። እናት «ምንም አልተሰማትም» ብላ አትዘን። ልጅ ሐዘንን ገባ ወጣ እያለ ነው የሚያዝነው፤ አምስት ደቂቃ አልቅሶ ግማሽ ሰዓት ይጫወታል፣ ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችል። ነገ «አባዬ መጣ?» ትላለች፣ ከነገ ወዲያም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ አጭርና የማይቆጣ ይሁን፦ «አባዬ ሞቷል፣ የሞተ ሰው አይመጣም። ናፈቀሽ አይደል? እኔንም ናፈቀኝ።» ሽንት መቆጣጠር የለመደች ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ብትጀምር፣ ጣት ብትጠባ፣ እንደ ሕፃን ብትናገር የተለመደ ነው፤ ካልተቆጧት ቀስ በቀስ ይተዋታል። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ቃሉ አይገባውም፤ የሚገባው ያ ድምፅ፣ ያ ጠረን፣ ያ ክንድ መጥፋቱ ነው። እሱን የሚያረጋጋው በየዕለቱ የሚያቅፈው ሰው አለመለዋወጡ፣ የሚበላበትና የሚተኛበት ሰዓት አለመዛነፉ ነው።

የ8 ዓመቱ ሌላ ነው። መመለስ እንደሌለ ያውቃል፤ ምክንያቱን ነው የሚፈልገው። ካላገኘው ራሱን ምክንያት ያደርጋል። አባቱ ውኃ አቀብለኝ ሲለው ኳስ ሊጫወት ሮጦ ነበር እንበል። በልቡ «ስላልታዘዝኩት ነው የሞተው» ሊል ይችላል፤ ይህን ግን ሳይጠየቅ ለማንም አይናገረውም። ስለዚህ ሳይጠብቁ መናገር ነው፦ «አንዳንድ ልጅ ያደረግሁት ወይም ያሰብኩት ነገር ነው የገደለው ብሎ ያስባል። አንተ ያደረግኸው ምንም ነገር የአባዬን ጉበት አላሳመመውም።» ከዚህ ሌላ ሁለት ፍርሃት አለው። አንቺም ትሞቻለሽ ወይ? ማን ያሳድገኛል? «እኔ አልሞትም» ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ ልጁም አያምነውም። «አሁን ጤነኛ ነኝ፣ ብዙ ዓመት እኖራለሁ ብዬ አስባለሁ። አንድ ነገር ብሆን አክስትህ ታሳድግሃለች፣ ተነጋግረናል» የሚለው ግን እውነትም ነው፣ ያረጋጋልም። ይህን ለማለት ታዲያ ከአክስት ጋር እውነትም መነጋገር ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «አፈር ውስጥ ምን ይሆናል?» ብሎም ይጠይቃል። ነውር አይደለም፤ ባጭሩ ይመለስለት።

የ14 ዓመቷ ሞትን እንደ ትልቅ ሰው ትረዳለች፤ ችግሩ ትልቅ ሰው መደረጓ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ፣ እንግዲህ የእናትሽ ረዳት አንቺ ነሽ» ይላታል፤ ወንድ ብትሆን ኖሮ «አባወራው አንተ ነህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባል ነበር። ልጅቷ ቡና ታቀርባለች፣ ትንሿን ታስተኛለች፣ አታለቅስም፣ ሰውም «ጠንካራ ናት» ይላል። ማታ ግን እንቅልፍ የላትም፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ውጤቷ ይወርዳል። እናት ሸክሙን በግልጽ ታንሳላት፦ «ትንሽ ትረጂኛለሽ፣ ግን አሳዳጊያቸው እኔ ነኝ፤ አንቺም ልጄ ነሽ።» በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠየቅ ይልቅ ጎን ለጎን ሽንኩርት እየላጠ ወይም አብሮ እየሄደ ነው የሚያወራው።

ቀብር ላይ ልጅ ይሂድ አይሂድ በእያንዳንዱ እምነት ሥርዓት ይወሰናል፤ በሙስሊም ቤት ቀብሩ በዚያው ቀን ሊፈጸም ስለሚችል ለመንገር ያለው ጊዜም ያንሳል። የሚሄድ ልጅ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ይነገረው፦ «ሰው ይጮኻል፣ ደረት የሚመታም ይኖራል፣ በጣም ስላዘኑ ነው። አባዬን ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡታል፣ አፈር ይመለስበታል። አያመውም።» አንድ ትልቅ ሰው፣ ዋና ሐዘንተኛ ያልሆነ፣ እጁን ይዞ ይዋል፤ «ልውጣ» ካለም ይዞት ይውጣ። የማይሄድ ልጅ በቤት አንድ ነገር ያድርግ፤ ሥዕል ይሳል፣ ዱዓ ወይም ጸሎት ያድርግ።

«ሄዷል» ተብሎ አስቀድሞ የተነገረው ልጅ ቢኖርስ? ወራት ቢያልፍም ይታረማል፦ «አባዬ ሥራ ሄዷል ብዬህ ነበር። ልክ አልነበረም። መናገሩ ከብዶኝ ነው። አባዬ ሞቷል።» ልጁ ይቆጣ ይሆናል፤ ንዴቱን ችሎ መቀመጥ ይሻላል፣ ከአካባቢው ልጆች አፍ ቢሰማ የሚያጣው እምነት ይበልጣልና።

ከሠልስት በኋላ፣ ድንኳኑ ሲነሣና ቤቱ ጭር ሲል፣ የልጆች ሐዘን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚወጣው። ወደ ትምህርት ቤት ከመመለሳቸው በፊት አስተማሪው ይወቅ፤ በክፍል ፊት «የሙት ልጅ» ብሎ እንዳያስተዋውቀውና ልጁ ሲከፋው እጁን አንሥቶ ብቻ መውጣት እንዲችል ይስማሙ። 6 ወር አልፎ ልጁ በየቀኑ ማለት ይቻላል በናፍቆት የሚሰቃይ፣ የማይጫወትና የማይማር ከሆነ ሐዘኑ ብቻውን የሚለቅ አይመስልም። የዓለም የምርመራ መመሪያዎች ለልጆች ይህንኑ የ6 ወር ወሰን ይጠቀማሉ። «አባዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ደግሞ ወሰን አይጠበቅለትም። የ4 ዓመቷ ስትለው አብዛኛውን ጊዜ ናፍቆት ነው፤ የ14 ዓመቷ ስትለው «መሞት እያሰብሽ ነው?» ብሎ በቀጥታ ጠይቆ፣ አዎ ካለች ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን የሥነ አእምሮ ሕክምና ወዳለበት ይዞ መሄድ ነው። ጅማ ላይ በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ይህ ክፍል አለ። ጥያቄው ሐሳቡን በልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም።

የ4 ዓመቷ ደግሞ 8 ሲሞላት፣ ሁሉም ጨረሰች ባለበት ሰዓት፣ እንደ አዲስ ልትጠይቅ ትችላለች። «ጉበት ምንድን ነው? ለምን አላዳኑትም?» ቁስሉ አመርቅዞ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ያልገባት ነገር አሁን እየገባት ነው። ለዚያ ቀን የሚሆን ነገር ከወዲሁ ይቀመጥላት፦ የአባቷ ልብስ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት አንዱ ሹራብ ሳይታጠብ፣ ጠረኑ እንዳይወጣ በላስቲክ ታስሮ።