ቤቱ አንዴ ሲያፍን አንዴ ሲበርድ፡ ቴርሞስታቱን አትንቀሉት

«ቴርሞስታቱን 70 ፋራናይት ላይ አድርጌዋለሁ፣ ቤቱ ግን አንዴ 73 ደርሶ ያፍነኛል፣ አንዴ 67 ወርዶ ያንቀጠቅጠኛል። ተበላሽቷልና አዲስ ግጠሙልኝ።»

አልተበላሸም። ብርድ በገባ ቁጥር እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካሉ ያበሻ ቤቶች ይሄው ስልክ ነው የሚደወልልኝ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ሰዉ ገንዘቡን አውጥቶ ደህናውን እቃ ነቅሎ አዲስ ያስገጥማል፣ ከዛ ሙቀቱ እንደበፊቱ ሲወጣ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ይቀይራል። የተለመደው የግድግዳ ቴርሞስታት ሙቀቱን ትንሽ ጨምር ትንሽ ቀንስ እያለ የሚያስተካክል አይደለም፣ የሚያውቀው አብራና አጥፋ ብቻ ነው። በሚያበራበትና በሚያጠፋበት መሀል ደግሞ የግድ ክፍተት አለው፣ ለምሳሌ 69 ላይ አብርቶ 71 ላይ ያጠፋል። ክፍተት ባይኖረው 70 ላይ ቆሞ ቦይለሩን በየደቂቃው ሲያበራ ሲያጠፋ ይውል ነበር።

እሺ 69 እና 71 ከሆነ 67 እና 73 ከየት መጡ? ይሄን አብሮኝ የሚለማመደው ልጅ ራሱ ደርሶበታል፣ እንዴት እንደደረሰበት ላውራችሁ።

አንዲት እናት ጋ ሄድን፣ ቤቱ የድሮ የጡብ ቤት ነው፣ በየክፍሉ ትልልቅ የብረት ራዲያተር ያለው፣ ምድር ቤት በጋዝ የሚሠራ ቦይለር ውሃውን አሙቆ ይልካል። ግድግዳው ላይ ያለው ክቡ የድሮ ቴርሞስታት ነው፣ ውስጡ ሜርኩሪ ያለው። ልጁ ገና ከበሩ ሳንገባ «ጋሼ፣ አዲሱን ከመኪና ላምጣ?» አለኝ። እኔም መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እየው፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ አድርግና በየአምስት ደቂቃው ጻፍ፣ ቀጭ ያለበትን ሰዓትም ጻፍ አልኩት። እሳቸው ቡና ሲያፈሉ እሱ እየጻፈ ቆየ።

ወረቀቱን ሳየው ነገሩ በሙሉ እዛ ላይ አለ። ቴርሞስታቱ 71 ላይ ቀጭ ብሎ ቦይለሩን አጥፍቷል፣ በሰዓቱ። ክፍሉ ግን አላቆመም፣ 72 አለ፣ ከ25 ደቂቃ በኋላ 73 ደረሰ። ልጁ ግራ ገብቶት ራዲያተሩን ሲነካው እጁን ነው ያቃጠለው። ከዛ መውረድ ጀመረ፣ 69 ላይ እንደገና ቀጭ ብሎ ቦይለሩ ተነሳ፣ ይሄም በሰዓቱ። ግን ውሃው እስኪሞቅ፣ ያ ሁሉ ብረት እስኪሞቅ፣ ክፍሉ 67 ድረስ ወረደ። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱ እኮ ልክ ነው፣ ቤቱ ነው የሚዘገየው» አለኝ። በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ነቅላችሁም አንድ እንጀራ ያወጣላችኋል አይደል፣ ራዲያተሩም እንደዛ ነው፣ ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ በውስጡ የያዘውን ሙቀት ክፍሉ ላይ ይጨርሳል። ሲነሳም መጀመሪያ ራሱን ነው የሚያሞቀው።

ግን ቤቱ ሁሌም ይዘገይ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ «አምና እንዲህ አልነበረም» አሉ። ስንጠይቅ በጋ ላይ የቦይለሩ መቆጣጠሪያ ሳጥን ተቀይሯል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ባለሙያ ነኝ የሚለው ሰው ራሱ የሚያልፈው። በድሮው ቴርሞስታት ውስጥ አንቲሲፔተር የሚባል ቀጭን የሽቦ ማሞቂያ አለ። ቦይለሩ በሚሠራበት ሰዓት ኤሌክትሪኩ በዚች ሽቦ በኩል ያልፍና ቴርሞስታቱን ከውስጥ ትንሽ ያሞቀዋል፣ ስለዚህ ክፍሉ ገና 69 ተኩል አካባቢ እያለ ቴርሞስታቱ 71 የደረሰ ይመስለውና ቀድሞ ያጠፋል። የቀረውን ራዲያተሩ ይጨርሰዋል። ሥራዋ ያን መዘግየት ቀድማ መቁጠር ነው።

ችግሩ ሽቦዋ የምትሞቀው በሚያልፍባት ከረንት ልክ መሆኑ ነው፣ ለዛ ነው በአምፔር ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ጠቋሚ ያላት። ሳጥኑ ሲቀየር ከረንቱም ይቀየራል፣ ጠቋሚውን ግን ማንም አልነካውም። ልጁ ክዳኑን ሲከፍት 0.8 ላይ ነው። ትክክለኛውን እንዲለካ የቴርሞስታቱን ሽቦ ከረንት በሚለካው ክላምፕ ሜትር መንጋጋ ላይ አሥር ዙር አጠመጠመው፣ ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ዙር ሜትሩ በደንብ አያነበውም። ቦይለሩ እየሠራ 4.1 አለ፣ ለአሥር ሲካፈል 0.41 አምፔር። ማለት ጠቋሚው የእውነተኛውን ከረንት እጥፍ ገደማ ነው፣ ሽቦዋ በቂ አትሞቅም፣ ቴርሞስታቱም ቀድሞ አያጠፋም። 0.4 ላይ አደረገውና መጻፉን ቀጠለ። ማታ ላይ ክፍሉ ከ69 እስከ 71 ተኩል ነበር የሚመላለሰው። አዲስ እቃ አልተገዛም።

ከዚህ በታች ይውረድ የሚል ካለ ይተወው። ጠቋሚውን ከሚገባው በታች ካደረጋችሁት ሽቦዋ ከልክ በላይ ትሞቃለች፣ ቦይለሩ ቶሎ ቶሎ ይበራል ይጠፋል፣ ቤቱም የፈለጋችሁት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቀራል። በትክክል ተስተካክሎም በጣም በሚበርድ ቀን ቦይለሩ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ሽቦዋም እንደሞቀች ትቆያለች፣ ክፍሉ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። እና እባካችሁ ቦይለሩ ጋ ወርዳችሁ ለሙከራ ብላችሁ ጋዝ ቫልቩን በሽቦ አታገናኙት፣ 24 ቮልቱ በቀጥታ በቴርሞስታቱ ያልፍና ይቺን ሽቦ ያቃጥላታል፣ ያኔ በእውነት ተበላሸ ማለት ነው።

«90 ላይ ካደረግኩት ቶሎ ይሞቃል።» አይሞቅም፣ ቦይለሩ ያው ቦይለር ነው፣ ማጥፋት ብቻ ነው የሚረሳው።

«ትልቅ ቦይለር ቢገባ ይስተካከላል።» ይብሳል። ከልክ በላይ የሆነ ቦይለር ብረቱን ቶሎ ያግለዋል፣ ሲጠፋ የሚተርፈውም ሙቀት ይበዛል።

እንግዲህ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት እንደ ልጁ ቁጭ ብላችሁ ቀጭ የሚልበትን ሙቀት ጻፉ። ሁሌ በአንድ ሙቀት አብርቶ በአንድ ሙቀት ካጠፋ፣ ቴርሞስታቱ ደህና ነው፣ መዘግየቱን ፈልጉ። መመላለሱ ትንሽ ሆኖ ቤቱ ሁሌ ከጻፋችሁት አራት ዲግሪ ከፍ ወይ ዝቅ ካለ፣ የተሰቀለበትን ቦታ እዩ፣ በተለይ ሽቦው የሚወጣበትን የግድግዳ ቀዳዳ፣ ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስበት ቴርሞስታቱ የሚለካው የግድግዳውን ሆድ ነው፣ በጥጥ ወይ በማሸጊያ ድፈኑት። አንዴ 66 አንዴ 72 እያለ ያለ ሥርዓት ካበራ ግን የላላ ሽቦ ወይ የሞተ ኮንታክት ነው፣ ያኔ ይቀየር። ሜርኩሪ ያለውን ግን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ የሚረከብ ቦታ ውሰዱት።

ዲጂታል ያላችሁም አላመለጣችሁም። እሱ ይቺ የምትሞቀው ሽቦ የለችውም፣ በምትኩ በሰዓት ስንት ጊዜ ይብራ የሚል ቁጥር በሴቲንጉ ውስጥ አለ፣ የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የሚተወው። በብዙዎቹ ላይ አየር አሙቆ ለሚነፋ የተለመደ የጋዝ ፈርነስ 5፣ ለሙቅ ውሃ ራዲያተር 3፣ ለእንፋሎት 1 ነው። የናንተ ራዲያተር የውሃ ሆኖ 5 ላይ ከተቀመጠ ቦይለራችሁ ሳይሞቅ እየጠፋ ነው፣ ገጣሚውን ጠርታችሁ 3 ላይ አስደርጉት።