ሚፕማፕ እና አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ ምንድን ናቸው? ሩቅ ያለ ወለል ለምን ይርመሰመሳል፣ ለምንስ ይደበዝዛል?

አንድ ጊዜ ለስሪዲ ፕሮጀክት ረጅም ኮሪደር ሠርቼ ነበር። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው። በመካከላቸው 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር የመጋጠሚያ መስመር አለ፤ እያንዳንዱ ሴራሚክ ከመስመሩ ጋር 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእግሬ ሥር ያለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካሜራውን ወደፊት ማስኬድ ስጀምር ግን ሩቅ ያለው ወለል እንደ ጉንዳን መንጋ ተርመሰመሰ። ሚፕማፕ ሳበራ መርመስመሱ ቀጥ አለ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም፤ ከአሥር ሜትር ገደማ በኋላ መስመሮቹ እየፈዙ ሄደው ወለሉ ትንሽ የጠቆረ ወጥ ነጭ ሆነ።

ሁለቱ ችግሮች፣ መርመስመሱም ብዥታውም፣ የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው። አንድ ፒክስል ወለሉ ላይ ምን ያህል ቦታ ይሸፍናል? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

እስቲ ኮሪደሩን በቁጥር እንየው። ስክሪኑ 1920 በ1080 ነው። ካሜራው ከወለሉ 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ልክ እንደቆመ ሰው ዓይን፣ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ያያል። ከላይ እስከ ታች የሚያየው 60 ዲግሪ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች የካሜራው የትኩረት ርቀት በፒክስል ሲሰላ 935 ገደማ ይሆናል። ርቀቱን `z`፣ ይህን 935 `f`፣ የካሜራውን ከፍታ `h` ብንላቸው፣ አንድ ፒክስል ወለሉ ላይ የሚሸፍነው ወርድ `w` እና ቁመት `d` እንዲህ ይወጣሉ፦

```
w = z / f
d = z * z / (f * h)
d / w = z / h
```

20 ሜትር ላይ ያለውን ወለል እንውሰድ። ወርዱ 2.1 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ፣ ማለትም ከእኛ ወደ ሩቅ የሚሄደው ጎን፣ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ እኩል ጎን ያለው ትንሽ ካሬ ሆኖ የሚታየን ፒክስል፣ ወለሉ ላይ ሲወርድ እንደ ጣውላ የረዘመ ቀጭን ቁራጭ ይሆናል።

ወለሉን የሚያለብሰው ምስል፣ ማለትም ቴክስቸሩ፣ 1024 በ1024 ነጥብ ነው እንበል፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ይሸፍናል። የቴክስቸር ነጥብ ቴክስል ይባላል። ስለዚህ ያ አንዱ ፒክስል በወርዱ 11፣ በቁመቱ 137 ቴክስል አለው። ሲባዛ 1500 ገደማ ነው። ከነዚህ ሁሉ ለፒክስሉ የሚደርሰው ቀለም ግን አንድ ብቻ ነው።

ሚፕማፕ ከሌለ ግራፊክስ ካርዱ የፒክስሉን መሃል አይቶ፣ እዚያ ያለውን ቴክስል፣ ወይም ቢበዛ አራት ጎረቤታሞችን ያነባል። የቀሩትን አያያቸውም። መሃሉ ጥቁሩ መስመር ላይ ካረፈ ፒክስሉ ጥቁር ነው፣ ሴራሚኩ ላይ ካረፈ ነጭ ነው። ካሜራው አንድ ሳንቲ ሜትር ሲራመድ ነጥቡ ከመስመሩ ይወርድና ጥቁር የነበረው ነጭ ይሆናል። ጎረቤቱ ደግሞ በተራው ይጠቁራል። ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲደጋገም ያ ጉንዳን የመሰለው ነገር ይፈጠራል።

ከዚህም የሚገርም ነገር አለ። 24.5 ሜትር ገደማ ላይ ከአንዱ የፒክስል ረድፍ ወደ ሚቀጥለው ያለው እርምጃ ልክ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማለትም ልክ አንድ ሴራሚክ። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ተከታታይ ረድፎች ሁሉም በየሴራሚካቸው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ሁሉም መስመሩ ላይ ካረፉ፣ ወለሉ ላይ የሌለ ወፍራም ጥቁር መቀነት ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሁሉም ከመስመሩ ውጭ ካረፉ ደግሞ መስመር የሚባል ነገር አይታይም። በጌም ውስጥ ጣሪያ ወይም አጥር ላይ የሚንሳፈፉ ሞገድ መሳይ ቅርጾች የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ሚፕማፕ የመጣው ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ነው። ሐሳቡን የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪው ላንስ ዊሊያምስ በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ አቀረበው። «ሚፕ» የሚለው ቃል የላቲን ሐረግ ምሕጻር ነው፤ ትርጉሙም «ብዙ ነገር በትንሽ ቦታ» ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቴክስቸሩ ገና ሲጫን የእሱ ትንንሽ ቅጂዎች አብረው ይዘጋጃሉ። ከ1024 ቀጥሎ 512፣ ከዚያ 256፣ እንዲህ እየተጋመሰ እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ይወርዳል። በየደረጃው አራት ቴክስሎች ተደምረው ለአራት ይካፈሉና አንድ ይሆናሉ። ዋናው ምስል ደረጃ 0 ነው፣ ነጠላዋ ነጥብ ደረጃ 10። ይህ ሁሉ ቅጂ የሚጨምረው የማስታወሻ ቦታ አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ 4 ሜጋባይት የነበረው 5.3 ይሆናል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። 1500 ቴክስል በየፍሬሙ አንብቦ መደመር ከባድ ነው። ቀድሞ ተደምሮ ከተቀመጠ ግን አንድ ቦታ ማንበብ ይበቃል። የትኛውን ደረጃ እንደሚያነብ ለማወቅ ግራፊክስ ካርዱ ሁለት በሁለት ሆነው አብረው የሚሠሩ አራት ፒክስሎችን ያነጻጽራል። ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ስንት ቴክስል እንደተዘለለ ያያል። ዝላዩ ሁለት ከሆነ ደረጃ 1፣ አራት ከሆነ ደረጃ 2፣ ስምንት ከሆነ ደረጃ 3 እያለ ይሄዳል። በሁለት ደረጃዎች መካከል ሲወድቅ ሁለቱንም አንብቦ ያደባልቃል፤ ይህ ትራይሊኒየር ይባላል። ካልተደባለቀ ወለሉ ላይ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚጓዝ የድንበር መስመር ይታያል። ከዚያ በፊቱ ጥርት ያለ፣ ከዚያ ወዲያ ድንገት ብዥ ያለ።

አሁን ብዥታው ከየት እንደሚመጣ እንይ። የኛ ፒክስል ሁለት ዝላይ አለው፤ ወደ ጎን 11፣ ወደ ሩቅ 137። ደረጃ መምረጥ የሚቻለው ግን አንድ ብቻ ነው። በ11 ከተመረጠ በረጅሙ ጎን አብዛኛው ቴክስል ሳይነበብ ይቀርና መርመስመሱ ይመለሳል። ስለዚህ ካርዱ ትልቁን፣ 137ን፣ ይይዛል። ያ ደረጃ 7 ነው። በደረጃ 7 ያ ሁሉ 1024 በ1024 ምስል 8 በ8 ሆኗል። አንዱ ቴክስል ወለሉ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር በ25 ሳንቲ ሜትር ነው። ሚፕማፕ የሚያውቀው ካሬ ብቻ ነው። ፒክስሉ ደግሞ ጣውላ ነው። ጣውላውን የሚሸፍን ካሬ ሲፈለግ፣ ወደ ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ መደባለቅ ሲገባው 25 ሳንቲ ሜትር ይደባለቃል። የ1 ሳንቲ ሜትር መስመር እዚያ ውስጥ ይሰጥማል።

እዚህ ላይ እኔ ብዙ ጊዜ ያባከንኩበትን ነገር ልናገር። ብዥታውን ሳይ ምስሉ አንሶ መሰለኝና በ4096 ለወጥኩት። ምንም ለውጥ የለም። ምክንያቱም ቴክስሉ ሲበዛ ዝላዩም አብሮ ይበዛል። 137 የነበረው አራት እጥፍ ይሆንና ካርዱ በደረጃ 7 ፈንታ ደረጃ 9ን ይመርጣል። እሱም ያው 8 በ8 ነው። የጨመረው ማስታወሻው ብቻ ነው፤ ከ4 ሜጋባይት ወደ 64። ሌላው የተለመደ ስህተት ካርዱ ከሚገባው ያነሰ ደረጃ እንዲያነብ ማስገደድ ነው። በቆመ ፎቶ ላይ ያማረ ይመስላል። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ጉንዳኖቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

ትክክለኛው መድኃኒት አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ ነው። ቃሉ «በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልሆነ» እንደማለት ነው። ካርዱ ደረጃውን በአጭሩ ጎን ይመርጣል። ከዚያ በረጅሙ ጎን ላይ ተርታውን ብዙ ቦታ ያነብና አማካዩን ይወስዳል። በኛ ኮሪደር 137 ለ11 ሲካፈል 12.5 ነው። ስለዚህ 13 ያህል ንባብ ይበቃል፣ ደረጃውም ከ7 ወደ 3.5 ገደማ ይወርዳል። እዚያ የቴክስሉ ጎን 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መስመሩ ከፒክስሉ ወርድ ግማሽ ያህሉን ስለሚይዝ በደንብ ይታያል። three.js በሚባለው የስሪዲ ላይብረሪ ለሚሠራ ሰው ነገሩ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ሚፕማፑ ሳይነካ በርቶ ነው የሚመጣው፣ ይኼኛው ግን 1 ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፦

```
texture.anisotropy = renderer.capabilities.getMaxAnisotropy();
```

ሳበራው ያየሁት ነገር እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከእኔ ወደ ሩቅ የሚሮጡት መስመሮች እስከ ኮሪደሩ ጥልቀት ድረስ ተዘረጉ። አግድም የሚያቋርጡት ግን 20 ሜትር ላይ አልተመለሱም። መመለስም አይችሉም። በቁመቱ ፒክስሉ በእርግጥም 27 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ በዚያ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር መስመር ማለት ትንሽ ጥላ ነው። ይህ ጥፋት ሳይሆን የስክሪኑ ልክ ነው። አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ የሚመልሰው ያለአግባብ የተደባለቀውን ብቻ ነው።

የራሱ ወሰንም አለው። ብዙ ጊዜ ጣሪያው `16x` ነው። ያችን ሦስተኛ ቀመር ተመልሳችሁ እዩዋት፤ የጎኖቹ ንጽጽር ርቀቱ ለካሜራው ከፍታ ሲካፈል ነው። የስክሪኑ ጥራትም የቴክስቸሩ መጠንም በንጽጽሩ ውስጥ የሉበትም። በ1.6 ሜትር ከፍታ 16 የሚሞላው 25.6 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዥታው ቀስ እያለ ይመለሳል። ግን ከዚያ ያለፈው ወለል ሁሉ ከአድማሱ በታች ባሉ 58 ረድፎች ውስጥ ስለሚጨመቅ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ካሜራው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከወረደ ግን፣ ለምሳሌ የተንበረከከ ተጫዋች ወይም አስፋልቱን የሚነካ የመኪና ውድድር ካሜራ፣ ወሰኑ 6.4 ሜትር ላይ ይመጣል። ከ10 ሜትር ከፍታ ወደፊት ለሚያይ ድሮን ደግሞ 160 ሜትር ነው። ወደ ታች በቀጥታ የሚያይ ካሜራ ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ፒክስሉ እዚያ ካሬ ነው።

የራሳችሁ ወለል ላይ የትኛው ችግር እንዳለ ለመለየት መጀመሪያ ካሜራውን አቁሙት። ቆሞም ሩቁ ብዥ ካለና ወደ ሩቅ የሚሄዱ መስመሮች ከጠፉ፣ አኒሶትሮፒኩ አልበራም ወይም አንሷል። ሲቆም ጥርት ብሎ ሲንቀሳቀስ ከተርመሰመሰ ሚፕማፑ የለም፣ ወይም ደረጃው ተገፍቷል። ሁለቱም በትክክል በርተው ገና የሚብለጨለጭ ነገር ካለ ደግሞ ቴክስቸሩን ተዉትና ብርሃኑን እዩ። እርጥብ ወለል ላይ የሚያብረቀርቀው ነጸብራቅ የሚሰላው ቴክስቸሩ ከተነበበ በኋላ ነው፤ ሚፕማፕ እዚያ አይደርስም።