«የረጋ» ምን ይመስላል? የብራንድ ጠባይ ቃላትና የምስል ፕሮምፕት በጎጃም

የብራንድ ስብዕና ማለት ምርትን እንደ ሰው ቆጥሮ ጠባይ መስጠት ነው። ማሩ የረጋ ነው፣ ቡናው ደፋር ነው፣ ጫማው ጨዋ ነው እንላለን። ሐሳቡ በገበያ ጥናት ውስጥ መልክ የያዘው በተለይ ጄኒፈር አከር በ1997 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው ጥናት ወዲህ ነው። አከር ጠባዮቹን በአምስት ቤተሰብ ከፈለቻቸው፦ ቅንነት፣ ሞቅታ፣ ብቃት፣ ረቂቅነትና ጉልበት።

ድሮ እነዚህን ቃላት የሚሰማቸው ፎቶ አንሺ ወይም ዲዛይነር ነበር። «ረጋ ያለ ይሁን» ሲሉት ፊትዎን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ገምቶ ይሠራል። እንደ ሚድጆርኒ ያሉ ምስል ፈጣሪ መሣሪያዎች ግን የሚያውቁት የተጻፈላቸውን ትዕዛዝ ብቻ ነው። ትዕዛዙን በተለምዶ ፕሮምፕት እንለዋለን። ስለዚህ ጠባዩን ዓይን ወደሚያየው ነገር የመለወጡ ሥራ ጸሐፊው ላይ ወድቋል። ይህ ጽሑፍ ሥራውን በአንድ ጉዳይ ያሳያል፤ የዳንግላ አካባቢን ማር ባሕር ዳር ላይ በምትሸጥ ሴት ጉዳይ።

ይህች የማሩ ባለቤት በወረቀት ላይ ሦስት ቃል ጽፋ ሰጠችኝ፦ የረጋ፣ ደፋር፣ ፕሪሚየም። መጀመሪያ ስንፍና ይዞኝ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ጻፍኩት።

```
calm, bold, premium honey brand, Ethiopia
```

የመጣውን ሳላይ መገመት እችል ነበር። ጥቁር ጀርባ፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ ከእንጨት ማንኪያ ላይ የሚንጠባጠብ ማር። ያቺ ቦይ ቦይ ያላት የእንጨት ማንኪያ ዳንግላ ውስጥ የማን ቤት እንዳለች አላውቅም። ከኋላ ደግሞ ደረቅ ሜዳ ላይ ጃንጥላ የመሰለ ግራር ቆሟል። ጎጃምን በመስከረም ያየ ሰው ይስቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መሣሪያዎቹ የሠለጠኑት ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ ምስሎችና ከሥራቸው በተጻፉ መግለጫዎች ነው። «ፕሪሚየም» የሚለው ቃል እጅግ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ጥቁርና ወርቃማ ማስታወቂያ ሥር ነው። «ቦልድ» ደግሞ ወፍራም ፊደልና የሚጮኽ ቀለም ይጎትታል። «ኢትዮጵያ» ሲባል የውጭ ቱሪስት ያነሳው ፎቶ ይመጣል። መሣሪያው የሚሰጠን የቃሉን ትርጉም ሳይሆን ቃሉ አብሯቸው የኖረ ምስሎችን አማካይ ነው። የሁሉም ሰው ማር አንድ ዓይነት የሚመስለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቃሉን በጣት ወደሚጠቆም ነገር ማውረድ ነው። ለዚህ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው። ምስሉ ተሠርቶ ቢቀመጥ ጣቴን ዘርግቼ «ይኸውና» ማለት እችላለሁ? «ርጋታ»ን መጠቆም አልችልም። ከግራ የሚመጣ ለስላሳ ብርሃንን እችላለሁ። ባዶ ቦታን፣ የጨርቁን ሻካራነት፣ ጥላው ስለት ያለው ወይም የደበዘዘ መሆኑንም እችላለሁ። ፕሮምፕት ውስጥ መግባት ያለበት የሚጠቆመው ነው።

ወደዚያ ለመውረድ መዝገበ ቃላት ብዙ አይረዳም፤ ባለቤቷን መጠየቅ ይሻላል። «እትዬ፣ የረጋ ሲሉ ምን ይታይዎታል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ጣና ሲነጋ፣ ታንኳ ሳይገባበት» አለችኝ። ቀጥላም «ማሩም እኮ የረጋ ነው» ብላ የመስታወት ማሰሮውን ዘቀዘቀችው። ማሩ ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ ሥራውን ጀምሮልናል። «ረጋ» የሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ውኃ ይረጋል፣ ወተት ረግቶ እርጎ ይሆናል፣ ማርም ይረጋል። እንግሊዝኛው «ካልም» ግን ማሩን አይነካም። ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ብንዘል ኖሮ ትልቁን ነገር እናጣው ነበር፤ ምክንያቱም መሣሪያው «ማር» ሲባል ሁልጊዜ የሚስለው ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሚፈስ ማር ነው። የእሷ ማር ድፍን፣ ክሬም የመሰለ፣ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገላጭ ከምርቱ መጣ፦ ወፍራም፣ ድፍንና የረጋ ማር።

«ደፋር» ላይ ስንደርስ ግን ተያዝን። በእኛ አገር ለልጅ «ደፋር!» ሲባል ምስጋና አይደለም። ባለቤቷም ይህን ታውቃለች። «ከመደርደሪያ ላይ ዓይን ይያዝ ማለቴ ነው» አለችኝ። ይኼ ሌላ ነገር ነው። ዓይን መያዝ ማለት አንድ ጠንካራ ቀለም ሰፊ ቦታ ላይ መዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ከታች ወደ ላይ የተነሳ ፎቶ ማለትም ይሆናል። ጠርዙ ስለት የመሰለ ጥላ፣ ከፍሬሙ እስኪወጣ የተጠጋ ዕቃ፣ ሰያፍ መስመርም ያው ዓይን ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የረጋና ደፋር የሚጎትቱት ተመሳሳይ ገመዶችን ነው፣ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ። የረጋው ለስላሳ ጥላ ይፈልጋል፣ ደፋሩ የተሳለ። የረጋው ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ደፋሩ ሙሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ከጻፉ መሣሪያው መሐል ላይ ያስቀምጥዎታል፤ ውጤቱም ረጋ ያለም ዓይን የሚይዝም አይሆንም። መውጫው ለእያንዳንዱ ቃል የየራሱን ገመድ ማከፋፈል ነው። እኛ ብርሃኑንና ቦታውን ለ«የረጋ» ሰጠን። ቀለሙን ብቻ ለ«ደፋር» ተውንለት። ዕቃውና ጨርቁ የ«ፕሪሚየም» ሆኑ። ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ መጠበቅ ነው።

«ፕሪሚየም» በእኔ ግምት ከሦስቱ ቀላሉ ነው፣ ወርቁን ከጣልን። ውድ ዕቃ ምስል ላይ የሚታወቀው በጥቂትነቱና በቅርብ ሲታይ በሚገኘው ዝርዝር ነው። አንድ ማሰሮ እንጂ አምስት አይደለም። ከሥሩም በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ክሩ አንድ በአንድ እስኪቆጠር። «ጋቢ» ብዬ ስጽፍ መሣሪያው ብርድ ልብስም ፎጣም እያመጣ አስቸገረኝ። «በእጅ የተፈተለ ነጭ የጥጥ ጨርቅ» ስል ግን ገባው። ብርሌም እንደዚያው ነው፤ ስሙን ትቶ ቅርጹን መጻፍ ይሻላል፦ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ትንሽ ብርጭቆ። ታንኳንም «ከደንገል የተሠራ ጠባብ ጀልባ» ማለት ነው።

ለቀለሙ መጀመሪያ የአደይ አበባ ቢጫ መረጥኩ። ጠረጴዛው በሙሉ ቢጫ ሆነ። አላማረም። የጠረጴዛው ቀለም መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ ጥሎ ማሩ ቀለም የተነከረ መሰለ። የማር ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ቀየርኩት። ባለቤቷ አይታ ሳቀች፤ «ይኼማ የገበሬ ቁምጣ ነው!» ጎጃም ገጠር ለዞረ ሰው ቀለሙ አዲስ አይደለም። ፈዛዛው ማርም ጥቁር አረንጓዴው ላይ ጎልቶ ወጣ።

መጨረሻ ላይ የደረስንበት ፕሮምፕት ይኸው።

```
one plain glass jar of thick, creamy, opaque pale yellow honey,
on a folded handspun white cotton cloth, visible coarse threads,
table painted solid deep green filling the bottom third,
jar small in lower left, wide empty space above,
mirror-still lake behind, thin mist, 7 am,
soft side light from left, faint shadow, eye level
--ar 4:5 --no wooden spoon, gold, bees, people
```

ካልም፣ ቦልድ፣ ፕሪሚየም የሚሉት ቃላት ውስጡ የሉም። መኖርም የለባቸውም፤ አንዷ ብትመለስ ጥቁሩንና ወርቁን ይዛ ትመለሳለች።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ባለቤቷ «ጠዋት አንድ ሰዓት» ነበር ያለችኝ። ቀጥታ ተርጉሞ የጻፈ ሰው ድቅድቅ ሌሊት ይመጣበታል። ስድስት ሰዓት መደመር እንዳይረሳ። ሁለተኛው የማይፈለገው ነገር አጻጻፍ ነው። በዓረፍተ ነገሩ መሐል «የእንጨት ማንኪያ አይኑር» ብለው ከጻፉ ማንኪያው ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ መሣሪያው «ማንኪያ»ን ይይዝና «አይኑር»ን ይስታል። ሚድጆርኒ ላይ ለዚህ `--no` የሚባል የራሱ ቦታ አለው። ከሌሎቹም አንዳንዶቹ የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

የትኛው ቃል ምን እንደሠራ ለማወቅ የምስሉን መነሻ ቁጥር የሚያስይዘው `--seed` ይረዳል። ቁጥሩን ሳይቀይሩ አንድ ገላጭ ብቻ ቀይረው ደግመው ያሠሩታል። እኔ «ለስላሳ ብርሃን»ን «የቀትር ብርሃን» ባደርገው ጥላው ተሳለ፣ ጉሙ ጠፋ፣ የሐይቁም ርጋታ ጠፋ። ገላጩን አውጥተው ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ያ ቃል ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ ይሰረዝ።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። የግዕዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ጭረት ይሠራል። ስለዚህ ማሰሮውን ያለ ጽሑፍ አሠርቶ ስሙን በኋላ በፎቶሾፕ መለጠፍ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ምስሉ ላይ ያለው ማር የእሷ ማር አይደለም። ገዢ አይቶ ሲከፍት ሌላ ካገኘ ጣጣው ለባለቤቷ ነው። እኛ ምስሉን ለጀርባውና ለመንፈሱ ወሰድነው፤ ማሰሮውን ግን በስልክ አነሳንና በቦታው ተካነው። ብርሃኑ ከግራ መምጣቱን አስቀድመን ስለወሰንን ማሰሮውንም ከመስኮት በስተቀኝ አስቀምጠን አነሳነው፤ ጥላው ገጠመ።

ፈተናው ቀላል ነው። ቃላቱን ላልሰሙ ሰዎች ምስሉን ማሳየት፣ ከዚያ «ይህ ማር ሰው ቢሆን ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ። ለሦስት ደንበኞቿ አሳየናቸው። አንዱ «ዝምተኛ ሽማግሌ» አለ። አንዷ «ቀስ የምትል፣ ግን ለብሳ የምትወጣ» አለች። ሦስተኛው ጠባዩን ትቶ ዋጋውን ጠየቀ፤ «ውድ ይመስላል» አለ። ደፋር ያለ አልነበረም። ባለቤቷ ወረቀቷን አወጣችና መካከለኛውን ቃል ሰረዘችው። ጠረጴዛው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆይ አለችኝ።