በነጥብ ልክ መመለስ፦ የታሪክ አጭር ድርሰት አወቃቀር በድሬዳዋና በሐረር ትምህርት ቤቶች

በታሪክ ፈተና ወረቀት ላይ ከጥያቄው ጎን በቅንፍ የሚታተመው «2 ነጥብ»፣ «6 ነጥብ» ወይም «10 ነጥብ» የሚል ጽሑፍ መልሱ ስንት ክፍል እንዲኖረውና ምን ያህል ጥልቀት እንደሚጠበቅበት ይናገራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ ስለሚሰጥ፣ አጭር ድርሰት በዋናነት የሚጻፈው ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በሚያዘጋጁት የሚድና የፋይናል ፈተና ላይ ነው። የእነዚህ ፈተናዎች የመልስ ቁልፍ ከመምህሩ እጅ ብዙም አይወጣም። በይፋ ከታተሙት የእርማት መመሪያዎች መካከል የካምብሪጅ አይ ጂ ሲ ኤስ ኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ ፈተና መመሪያ ዘርዘር ያለ ነው። በዚያ ፈተና የመጀመሪያ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ጥያቄ በ4፣ በ6 እና በ10 ነጥብ ይከፈላል። ለ60 ነጥብ 2 ሰዓት ስለሚሰጥ ለአንድ ነጥብ 2 ደቂቃ ይደርሳል። የክፍል ፈተና ጊዜው አጠር ስለሚል፣ ተማሪው ደቂቃውን ለጠቅላላው ነጥብ አካፍሎ የራሱን ልክ ያወጣል። 40 ነጥብ በ60 ደቂቃ ከሆነ ለ6 ነጥብ ጥያቄ የሚውለው 9 ደቂቃ ነው።

አሠራሩን ለማየት ለዚህ አካባቢ ተማሪ ከባቡሩ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አንዱ ርዕስ በተለያየ ነጥብ ሲጠየቅ መልሱ እንዴት እንደሚለወጥ በግልጽ ያሳያል።

«ድሬዳዋ መቼና በምን ምክንያት ተቆረቆረች?» ተብሎ በ2 ነጥብ ቢጠየቅ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. አካባቢው በመድረሱ ነው።» ዓመቱ አንድ ነጥብ፣ ምክንያቱ አንድ ነጥብ። መግቢያ አያስፈልገውም፤ የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላ ማወደስም እዚህ ቦታው አይደለም።

በ4 ነጥብ «የሐዲዱ ሥራ ያለፈባቸውን ደረጃዎች ግለጽ» የሚል ጥያቄ አራት እውነታ ይፈልጋል። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከከሰረ በኋላ ሌላ ኩባንያ ተረክቦት በ1917 አዲስ አበባ ገባ። «ግለጽ» የሚለው ትእዛዝ ምክንያት አይጠይቅም። «ለምን» ብሎ መተንተን የጀመረ ተማሪ ጊዜውን ይጨርሳል እንጂ ነጥብ አይጨምርም።

ትልቁ ልዩነት የሚጀምረው 6 ነጥብ ላይ ነው። «ሐዲዱ ሐረር ሳይገባ ድሬዳዋ ላይ ያረፈው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሁለት የተብራሩ ምክንያቶች ይፈልጋል። አምስት ምክንያት በመስመር በመስመር የደረደረ ተማሪ ብዙ የሠራ ይመስለዋል፤ በካምብሪጁ አሠራር ግን ምክንያትን መጥቀስና ማብራራት በተለያየ ደረጃ ስለሚታረሙ፣ ዝርዝር ብቻ ከጥያቄው ነጥብ ከግማሹ በላይ አያስገኝም። የአካባቢያችን መምህራንም ይህን ልዩነት አጥብቀው ያርማሉ፤ ትክክልም ናቸው።

አንድ ምክንያት የተብራራ የሚባለው ሦስት ነገር ሲይዝ ነው፦ ኃይለ ቃሉ፣ ማስረጃው፣ ማስረጃውን ከጥያቄው ጋር የሚያስረው ዓረፍተ ነገር። «ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች» የሚለው ኃይለ ቃል ብቻ ነው። ሙሉው እንዲህ ይሆናል፦ «የመጀመሪያው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ስትገኝ፣ ድሬዳዋ ከተራራው ግርጌ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ሐረርን መንካት ብዙ መዞሪያና ድልድይ ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ መሥመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ።» ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከ«ስለዚህ» በኋላ ያለው ክፍል ነው። ተማሪው ግንኙነቱ ለራሱ ግልጽ ስለሆነለት ሳይጽፈው ያልፋል፤ አራሚው ደግሞ ያልተጻፈን አያርምም።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። ኩባንያው ከመጀመሪያው ካፒታል ያጥረው ስለነበር ውድ የሆነ የተራራ ሥራ መጨመር አልቻለም። ይህ በራሱ አንቀጽ፣ ከመጀመሪያው በአንድ ባዶ መስመር ተለይቶ ይጻፋል። ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ አንቀጽ ከተቀላቀሉ አራሚው እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ይችላል። በዚህ ደረጃ መግቢያ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው መምህራን አይስማሙም። አንዳንዶቹ ለመግቢያ አንድ ነጥብ ይይዛሉ፤ ካልተባለ ግን ባይጻፍ ይሻላል።

ተማሪው በደንብ የሚያውቀው ነገር አንዳንዴ መልሱን ያበላሽበታል። የሐረር ልጅ ስለ ጀጎል ግንብና ስለ አሚር ኑር ብዙ ያውቃልና፣ የባቡሩን ጥያቄ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምርና 9 ደቂቃው ሐዲዱ ሳይመጣ ያልቃል። ጽሑፉ እውነት ነው፤ ነጥብ የለውም። የዘመን አቆጣጠርም ሌላው ወጥመድ ነው። በቤት «1895 ዓ.ም.» ሲባል የሰማው ዓመት በመማሪያ መጽሐፉ 1902 ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝና «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብሎ ማመልከት ግን ግድ ነው። በአንድ መልስ ውስጥ ከተቀላቀሉ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሆናል፤ 1895 ከ1897 ይቀድማልና።

10 ነጥብ ላይ «የሐረር የቀድሞ የበላይነት የቀነሰው በባቡሩ ብቻ ነው። ትስማማለህ? ገምግም» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ሁለቱ ወገን መታየት አለበት። በአንድ ወገን፣ በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ የነበረው ንግድ ወደ ጅቡቲና ወደ ሐዲዱ ዞረ፤ ነጋዴውም ወደ ድሬዳዋ ወረደ። በሌላው ወገን፣ ሐረር ነፃነቷን ያጣችው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ይዘዋት ነበር፤ በ1887 ደግሞ የሐረሩ ገዢ አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል፦ «ባቡሩ የመተላለፊያውን ንግድ ቢወስድም፣ የፖለቲካው የበላይነት ከ15 ዓመት በፊት አብቅቶ ነበር፤ ስለዚህ ‹ብቻ› የሚለው አያስኬድም።» ፍርድ ማለት «ሁለቱም አስተዋጽኦ አድርገዋል» ብሎ መዝጋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው መዝጊያ የተባለውን ደግሞ ከመናገር ያለፈ ነገር የለውም። የትኛው እንደሚያመዝንና ለምን እንደሆነ ሲጻፍ ነው የመጨረሻዎቹ ነጥቦች የሚገኙት።

በቅንፍ ውስጥ «3+3» ተብሎ ሲታተም ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው ማለት ነው። አንደኛውን ክፍል ሁለት ገጽ ቢጽፉለት ከ3 አያልፍም። ሰዓት ካለቀ ደግሞ የቀሩትን ምክንያቶች በአጭር በአጭር መስመር፣ እያንዳንዱን ከአንድ ዓመት ወይም ስም ጋር ማስፈር ይሻላል፤ ባይብራሩም የመጥቀሻውን ነጥብ ያስገኛሉና።