ኒውራል ስታይል ትራንስፈር ምንድን ነው?

ጀርመን ውስጥ ቱቢንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ በኔካር ወንዝ ዳር፣ ሹል ጣሪያ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል። በ2015 ሊዮን ጋቲስ፣ አሌክሳንደር ኤከር እና ማቲያስ ቤትገ የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ቤቶች ፎቶግራፍ ሠዓሊው ቫን ጎግ «የከዋክብት ሌሊት» የተባለውን ሥዕሉን በሳለበት ስልት ቀይረው አሳዩ። ቤቶቹ ከነአደራደራቸው እዚያው አሉ፤ ሰማዩና ግድግዳው ግን በሚጠማዘዝ ሰማያዊና ቢጫ የብሩሽ ምት ተሞልቷል። አሠራሩ ኒውራል ስታይል ትራንስፈር ይባላል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ እዚህ ውስጥ ሥዕል መሳል የተማረ አንዳች ነገር አለመኖሩ ነው። የተጠቀሙበት ቪጂጂ-19 የተባለ የነርቭ መረብ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የተማረው በፎቶግራፍ ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ ስሙን መናገር ብቻ ነው፤ ውሻ፣ መኪና፣ ወንበር። በዚህ ሥራ ላይ መረቡ አይማርም፣ አይለወጥም። የሚለወጠው ሥዕሉ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩ የአዲሱን ሥዕል ነጥቦች ቀለም ጥቂት በጥቂት እያስተካከለ ሁለት መለኪያዎችን ዝቅ ለማድረግ ይጥራል። የሁለቱም ስም ሎስ ነው፤ ከሚፈለገው ምን ያህል እንደራቅን የሚናገር ቁጥር ማለት ነው።

መለኪያዎቹን ለመረዳት መረቡ እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቪጂጂ-19 ሥዕልን በተነባበሩ ንብርብሮች ያሳልፋል። እያንዳንዱ ንብርብር ብዙ ማጣሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ማጣሪያም በሥዕሉ ላይ ቦታ በቦታ እየዞረ «እኔ የምፈልገው ነገር እዚህ አለ?» ብሎ በቁጥር ይመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ንብርብሮች የሚፈልጉት ቀላል ነገር ነው፦ ቀለም፣ ጠርዝ፣ ያዘመመ መስመር። ወደ ጥልቁ ሲገባ መስኮት የሚመስል፣ ጣሪያ የሚመስል ነገር መፈለግ ይጀምራሉ።

የይዘት ሎስ የሚለካው በጥልቁ በኩል ነው። ተመራማሪዎቹ conv4_2 የሚባለውን፣ 512 ማጣሪያዎች ያሉትን ንብርብር መረጡ። ፎቶግራፉና አዲሱ ሥዕል በየተራ ያልፋሉ፤ የማጣሪያዎቹ መልስ ቦታ ለቦታ ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ በራሱ ተባዝቶ ይደመራል። ነጥብ ለነጥብ ቀለሙን ቢያነጻጽሩ ኖሮ ከፎቶግራፉ ንቅንቅ ማለት ባልተቻለ ነበር። ጥልቁ ንብርብር ግን ግድግዳው ነጭ ይሁን ቢጫ ብዙም አይጨነቅም፤ ጣሪያው የነበረበት ቦታ ላይ ጣሪያ የሚመስል ነገር መኖሩን ይጠይቃል።

የስልት ሎስ ደግሞ ሆን ተብሎ ቦታን ይረሳል። የሚጠይቀው የትኞቹ ማጣሪያዎች አብረው እንደሚነሡ ነው፤ የቫን ጎግ ሥዕልና አዲሱ ሥዕል የሚነጻጸሩትም በዚህ ነው። በትንሽ ምሳሌ እንየው። ሁለት ማጣሪያዎች አሉን እንበል፤ አንዱ ቢጫ ቀለም፣ ሌላው ጥምዝ መስመር ይፈልጋል። ሥዕሉም አራት ቦታ ብቻ አለው።

```
ቢጫ  2 0 2 0
ጥምዝ 3 0 1 0
```

በየቦታው ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አባዝተን ስንደምር 6 ሲደመር 2፣ ማለትም 8 እናገኛለን። ይህ ቁጥር «እዚህ ሥዕል ውስጥ ቢጫና ጥምዝ አብረው ይሄዳሉ» ይላል። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ ወደ ቀኝ እንግፋ፤ ቢጫ 0 2 0 2፣ ጥምዝ 0 3 0 1 ይሆናል። ድምሩ አሁንም 8 ነው። ቢጫን ከራሱ ጋር ብናባዛ በፊትም አሁንም 8፣ ጥምዝን ከራሱ ጋር ብናባዛ በፊትም አሁንም 10 እናገኛለን። የስልት ሎሱ ስለዚህ ዜሮ ነው። የይዘት መለኪያው ግን በአንድም ቦታ ስምም አላገኘም፤ የልዩነቶቹ ካሬ ድምር 36 ይደርሳል።

በሦስተኛ ደረጃ ቢጫውን እንደ መጀመሪያው ትተን ጥምዙን ብቻ እንግፋ። የቢጫው መጠን ያው ነው፣ የጥምዙም ያው ነው፤ አብሮ የመነሣታቸው ቁጥር ግን ከ8 ወደ 0 ወደቀ። ቢጫው አለ፣ ጥምዙ አለ፣ ቢጫ ጥምዝ ግን የለም። የቫን ጎግ እጅ የጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የስልት ሎስም ይህንኑ ይይዛል።

ማጣሪያዎችን ሁሉ ሁለት ሁለት እያደረጉ እንዲህ ሲያሰሉ የሚገኘው ሰንጠረዥ ግራም ማትሪክስ ይባላል። 64 ማጣሪያ ባለው ንብርብር ሰንጠረዡ 64 በ64 ነው። ይህም ከመጀመሪያው እስከ ጥልቁ በአምስት ንብርብሮች ይሠራል፤ ትንሹ የብሩሽ ጭረትም ትልቁ አዙሪትም እንዲያዙ። በመጨረሻ ሁለቱ መለኪያዎች ይደመራሉ።

```
L = α · L_content + β · L_style
```

α እና β የሚሰጡት ክብደት የሥራው ልብ ነው። β ከበዛ ቤቶቹ ይቀልጡና የቫን ጎግ ጨርቅ ብቻ ይቀራል፤ α ከበዛ ቀለሙ በትንሹ የተነካ ፎቶግራፍ ይወጣል። የምትሞክሩ ካላችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ እያተማችሁ ተከታተሉ። ድምሩ እየወረደ የይዘቱ ሎስ ግን ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቤቱ እየፈረሰ መሆኑን ዓይናችሁ ሳያይ ታውቃላችሁ።

ቦታን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። ኮከቡ ሰማይ ላይ መሆን እንዳለበት ሰንጠረዡ ስለማያውቅ አዙሪቱ በሰው ግንባር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ስልቱ በቅርጽና በትርጉም ሲሆን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በተለመደው ሥርዓት በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ እየታየ። ይህ ሕግ እንጂ የቀለም አጣጣል አይደለም። ግራም ማትሪክስ ቀዩንና ቢጫውን፣ ጥቁሩን የዳር መስመር ይወስዳል፤ ዓይኑን ግን አያሰፋም፣ ፊቱንም አያዞርም።

በዲፊውዥን ሥዕልን መለወጥ ከሥሩ ሌላ ሥራ ነው። የዲፊውዥን ሞዴል ብዛት ካላቸው ሥዕሎች የተማረው በላያቸው የተነዛውን ጉም፣ ማለትም የዘፈቀደ ጫጫታ፣ ገፎ ማውጣትን ነው። ፎቶግራፍ ሲሰጡት መጀመሪያ በጫጫታ ያደበዝዘዋል፤ ከዚያ «የዘይት ቀለም ሥዕል» የመሰለ ቃል እየተመራ ደረጃ በደረጃ ያጸዳዋል። ሥራው 50 ደረጃ ቢኖረው፣ የለውጡ ኃይልም 0.6 ቢደረግ፣ በተለመደው አሠራር 30ዎቹ ይሠራሉ። የቀረው የፎቶግራፉ አሻራ ከጫጫታው ሥር የተረፈው ብቻ ነው።

እዚህ ጋ በየደረጃው ከፎቶግራፉ ጋር የሚያስተያይ የይዘት ሎስ የለም። ግራም ማትሪክስም የለም። ሎስ የነበረው ሞዴሉ ሲማር ነው፤ ሲስል የሚሠራው በተማረው ግምት ነው። ስለዚህ ኒውራል ስታይል ትራንስፈር የማይችለውን፣ ዓይን ማስፋትና ፊት ማዞርን፣ ሊሠራው ይችላል። ኃይሉ ከፍ ሲልም የእናትዎን ፎቶግራፍ ሰጥተውት የሌላ ሴት ፊት ሊመልስልዎ ይችላል። የቅርጹን ዳር መስመር አጥብቆ የሚይዝ ኮንትሮልኔት የመሰለ መሣሪያ ቢጨመርበት ይሻሻላል፤ ጉሙን ሲገፍ ግን ያላየውን ከራሱ መሙላቱ አይቀርም።

አንድ የተለወጠ ሥዕል በየትኛው መንገድ እንደተሠራ ለመገመት እኔ ዝርዝሩን እቆጥራለሁ። የኔካር ዳር ቤቶች መስኮቶች እንደ ፎቶግራፉ በቦታቸው ካሉ፣ የብሩሹ ምት ግን ባዶው ሰማይ ላይም ያለ ምክንያት ከተደገመ፣ ጥርጣሬዬ ወደ ሁለቱ ሎሶች ነው። ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ፣ ሥዕሉ አምሮ፣ አንድ ቤት ፎቶግራፉ ላይ ያልነበረ መስኮት ካወጣ ግን ዲፊውዥን ነው እላለሁ።