የመነሻ ጥናት (ቤዝላይን) ምንድን ነው?

የመነሻ ጥናት አንድ ፕሮጀክት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተጠቃሚው ማኅበረሰብ ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበር በቁጥር የሚመዘግብ ጥናት ነው። ለጋሹ የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ብዛት ከርክክብ ሰነዱ ማረጋገጥ ይችላል፤ የሰዉ ኑሮ መለወጡን ግን ከቀድሞው ጋር ሳያነጻጽር ሊያውቅ አይችልም።

በምከታተላቸው የገጠር ውሃ ፕሮጀክቶች ዋናው አመልካች አንዲት እናት ውሃ ቀድታ እስክትመለስ የሚፈጅባት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል ፕሮግራም ከተሻሻለ የውሃ ምንጭ ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠውን መሠረታዊ አገልግሎት ይለዋል። መረጃ ሰብሳቢው ወረፋውን ሳይጠይቅ የመንገዱን ጊዜ ብቻ ከመዘገበ መነሻው ከእውነታው ያነሰ ሆኖ ይቀራል፤ ጄሪካኖች ከንጋት ጀምሮ በሚሰለፉበት ቀበሌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበላው መንገዱ ሳይሆን ወረፋው ነው።

ከዚህ የከፋው ስህተት ከወቅት ጋር የተያያዘ ነው። የመነሻ ጥናቱ በመጋቢት ተሠርቶ ደርሶ መልሱ በአማካይ 90 ደቂቃ ሆነ እንበል። የማጠቃለያው ጥናት በጥቅምት ሲሠራ 35 ደቂቃ ተገኘ። ሪፖርቱ ፕሮጀክቱ 55 ደቂቃ ቀነሰ ብሎ ይጽፋል፤ ሆኖም በጥቅምት ክረምቱ ገና ማለፉ ስለሆነ ምንጮችና ጅረቶች በየቤቱ አቅራቢያ ይፈስሳሉ። ፕሮጀክቱ ባልደረሰበት ተመሳሳይ ጎረቤት ቀበሌ በነዚያው ሁለት ወራት ተለክቶ ጊዜው ከ85 ወደ 50 ደቂቃ ከወረደ፣ 35ቱን ደቂቃ የቀነሰው ዝናቡ ነው ማለት ነው፤ ለፕሮጀክቱ የሚቀረው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን የሚሠራው ሁለቱ ቀበሌዎች በመልክዓ ምድርና በሕዝብ ብዛት ከተቀራረቡ ብቻ ነው።

ይህ ስህተት የሚደጋገመው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው በመስከረም 20 አካባቢ ነው፤ የበርካታ ሌሎች ለጋሾች ሒሳብ ደግሞ የሚዘጋው በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የማጠቃለያ መረጃውን ለመሰብሰብ የሚወጣው ውሃ በሚበዛበት ወቅት ይሆናል። የደረቁ ወራት ችግር፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ውሃ ያስፈልገናል ብሎ ያመለከተበት ዋናው ምክንያት፣ ሳይለካ ያልፋል።

ሪፖርት የሚገመግም ሰው ከቁጥሩ በፊት ሁለቱ ጥናቶች የተካሄዱባቸውን ወራት ቢመለከት ይህን በቀላሉ ይለየዋል። እኔ የማጠቃለያው ጥናት መነሻው በተሠራበት ወር እንዲደገም ከነበጀቱ በፕሮፖዛሉ ላይ አስገባለሁ፤ ይህ በፕሮፖዛሉ ሳይካተት ከቀረ ግን ተጨማሪ ገንዘብ የማይጠይቅ የጊዜ ማራዘሚያ ከለጋሹ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄውም ውሉ ከማብቃቱ በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት።