ኮዴክ ምንድን ነው? ፍላሽ ላይ ያለ ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ እምቢ የሚልበት ምክንያት

የጥር ሰርግ ሲያልፍ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የቪዲዮ አቀናባሪዎች ሥራቸውን በፍላሽ እየጫኑ ማስረከብ ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይጮሃል። አንዷ እናት «ልጄ፣ የሰጠኸኝ ፍላሽ ባዶ ነው» ይላሉ። ሌላው «ድምፁ ይሰማል፣ ሙሽሮቹ ግን አይታዩም» ይላል። ሌላው ደግሞ በስልኩ እንደከፈተው ይምልና ቴሌቪዥኑን ለጥገና ሊወስደው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍላሹም ባዶ አይደለም፣ ቴሌቪዥኑም አልተበላሸም። ቪዲዮው ማያ ገጹ ላይ እስኪታይ ድረስ የሚያልፋቸው ሦስት በሮች አሉ፤ የፋይል ሥርዓት፣ ኮንቴይነርና ኮዴክ። ዋናው አስቸጋሪ ኮዴክ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያላለፈ ወደ እሱ አይደርስም።

በምሳሌ እንየው። ኮምቦልቻ ለሚኖር ቤተሰብ የተዘጋጀ የሁለት ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ አለ እንበል። አቀናባሪው ጥራቱ እንዳይቀንስ ብሎ በ4K አውጥቶታል፤ የፋይሉ ስም በ.mp4 ያልቃል። በሰከንድ በአማካይ 10 ሜጋቢት ይወስዳል። ሁለት ሰዓት 7,200 ሰከንድ ስለሆነ በ10 ሲባዛ 72,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና ለ8 ሲካፈል 9,000 ሜጋባይት ወይም 9 ጊጋባይት ይመጣል። ቤተሰቡ የሰጠው ፍላሽ 64 ጊጋባይት ይይዛል፣ ቴሌቪዥናቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 አካባቢ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት ገና ደሴ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ያጋጥማል። ፍላሹ ውስጥ ምንም ነገር ሳይኖር ኮምፒውተሩ "The file is too large for the destination file system" የሚል መልእክት ያወጣል። ፍላሹ FAT32 በሚባለው የፋይል ሥርዓት ተዘጋጅቶ ነበርና ነው። ይህ ሥርዓት የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ስለሆነ ከዚያ አንድ ባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። የቀረው ባዶ ቦታ 60 ጊጋባይት ቢሆንም ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፍላሹ የውሸት ነው ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። የውሸት ፍላሽ በገበያው የለም ማለት አይደለም፤ ይህ መልእክት ግን የእሱ ምልክት አይደለም።

ስለዚህ ፍላሹ እንደገና ፎርማት ይደረጋል። ፎርማት ሲደረግ በውስጡ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሁሉም አያስታውስም። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ለ64 ጊጋባይት ፍላሽ exFAT እና NTFS የሚሉ ምርጫዎች ሲያቀርብ አቀናባሪው ለፍላሽ የተሠራውን exFAT ይመርጣል፤ ቪዲዮውም ይገባል። ፍላሹ ቦርከናን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ቴሌቪዥኑ ጨርሶ አያየውም። «ባዶ ነው» የሚለው ስልክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። exFAT እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የማይክሮሶፍት ሥርዓት ነው፤ ኩባንያው ዝርዝር መግለጫውን ለሁሉም ያሳተመው ገና እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቴሌቪዥን አምራች እንዲያነበው ከፈለገ ፈቃድ መግዛት ነበረበት፤ ብዙዎቹ በተለይ በርካሽ ሞዴሎቻቸው ላይ ትተውታል። እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን አንዳንድ ጊዜ ፍላሹን ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ ሰርጉ ጠፋ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዋጣው NTFS ነው፤ exFATን የማያውቁ ብዙ ቴሌቪዥኖች እሱን ያነባሉ። ፍላሹ በNTFS ተዘጋጅቶ ሲሰካ የቪዲዮው ስም በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ አንዱ በር ተከፈተ።

ስሙ መታየቱ ግን ቴሌቪዥኑ ኮንቴይነሩን ያውቀዋል ማለት ብቻ ነው። .mp4፣ .mkv እና .avi የኮንቴይነር ዓይነቶች ናቸው። ምስሉን፣ ድምፁንና የትርጉም ጽሑፉን በአንድ ፋይል አስተሳስረው ይይዛሉ እንጂ ምስሉ እንዴት እንደተጨመቀ አይናገሩም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ የተደረደሩት ብረት ሣጥኖች ከውጭ ተመሳሳይ ሆነው አንዱ ሲሚንቶ ሌላው ጨርቅ እንደሚይዝ ሁሉ ሁለት .mp4 ፋይሎችም በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊኖር ይችላል። የፋይሉን ስም ከ.mkv ወደ .mp4 መቀየርም ሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር ነው፤ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑን ስሙን እንዲያሳይ ያታልለዋል፣ እንዲያጫውተው ግን አያደርገውም።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቪዲዮው ሲከፈት ዘፈኑና እልልታው ይሰማል፣ ማያ ገጹ ግን ጥቁር ነው። ኮዴክ ማለት እዚህ ላይ ይመጣል።

ካሜራ የሚያነሳው ምስል ሳይጨመቅ ቢቀመጥ ተራ ፍላሽ አይችለውም። አንድ የ1080p ምስል 1,920 በ1,080 ነጥቦች አሉት፤ በተለመደው አያያዝ ለአንድ ነጥብ በአማካይ አንድ ተኩል ባይት ያስፈልጋል። በሰከንድ 25 ምስል ቢቆጠር ሁለት ሰዓት ወደ 560 ጊጋባይት ይደርሳል። ኮዴክ ይህን የሚያሳንስ፣ በኋላም መልሶ የሚፈታ የአሠራር ደንብ ነው። በአጭሩ፣ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ ከማስቀመጥ ይልቅ ከቀዳሚው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ካልተንቀሳቀሰ መጋረጃው በየምስሉ አይደገምም። የጨመቀው በየትኛው ደንብ ከሆነ የሚፈታውም በዚያው ደንብ መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው H.264 ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ደንብ ነው፤ ፕሮግራሞች AVC ብለውም ይጽፉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው H.265 ወይም HEVC ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ያህል መጠን ለማስቀመጥ የታለመ ነው። የእኛ የሰርግ ቪዲዮ የወጣው በHEVC ነው፤ ያውም እያንዳንዱን ቀለም በስምንት ሳይሆን በዐሥር ቢት በሚይዘው Main 10 በሚባለው ዓይነት። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ደንቡ በጸደቀበት ዓመት አካባቢ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ስለ HEVC የሚያውቀው ነገር የለም። ድምፁ የተጨመቀው AAC በሚባል የቆየ ደንብ ስለሆነ እሱን ፈታው፤ ምስሉን ግን ተወው።

«ታዲያ አሮጌው ላፕቶፕ እንዴት ከፈተው?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ላፕቶፑ ላይ VLC የመሰለ ፕሮግራም ደንቡን በሶፍትዌር ይዞ መጥቶ የኮምፒውተሩን አንጎለ ኮምፒውተር ያሠራዋል። ቴሌቪዥን አቅሙ ደካማ ስለሆነ ቪዲዮ የሚፈታው ለዚያ ሥራ ብቻ በቺፑ ላይ በተቀረጸ ክፍል ነው። ሲሠራ ያልተቀረጸበትን ደንብ በኢንተርኔት ማሻሻያ አይማርም፤ «ሶፍትዌሩን ላድስልህ» ብሎ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ገንዘብህን አትስጠው።

በፋይሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ VLC ላይ ከፍቶ Ctrl+J መጫን በቂ ነው። እዚያ የምስሉና የድምፁ ኮዴክ በየተራ ተጽፎ ይገኛል። ቢቱ ስምንት ይሁን ዐሥር በግልጽ ለማየት MediaInfo የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሻላል፤ Bit depth ከሚለው ቀጥሎ ይጽፈዋል። ዐሥር ቢት H.264 የሆነ ፋይል ካጋጠመ ስሙ የተለመደው ቢሆንም ብዙ ቴሌቪዥኖች እንደማይፈቱት ማወቅ ይጠቅማል።

መፍትሔው አቀናባሪው ቪዲዮውን በ1080p፣ በH.264፣ በስምንት ቢት እንደገና እንዲያወጣው ነው። ffmpeg በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ይጻፋል፦

```
ffmpeg -i serg.mp4 -vf scale=1920:1080 -c:v libx264 -pix_fmt yuv420p -b:v 4300k -c:a aac -b:a 160k serg_tv.mp4
```

ምስሉ በሰከንድ 4,300፣ ድምፁ 160 ኪሎቢት ስለሚወስድ ሁለቱ ሰዓት ወደ 4 ጊጋባይት ይሆናል። ቁጥሩን የመረጥሁት ፋይሉ ከFAT32 ወሰን በታች እንዲወድቅ ነው፤ ያኔ ፍላሹ FAT32 ቢሆንም ችግር አይኖርም። ጥራቱን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ቪዲዮውን ይቆራርጥ። ግን በ10 ሜጋቢት የአንድ ሰዓት ቁራጭ 4.5 ጊጋባይት ስለሚሆን ለሁለት መክፈል አይበቃም፤ አርባ አርባ ደቂቃ አድርጎ ለሦስት መክፈል ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ምስሉን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ስለሚጨምቅ በደካማ ኮምፒውተር ላይ ሰዓታት ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ .mp4 ፋይሉ አይከፈትም፤ ምስሎቹ የት እንዳሉ የሚናገረው ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መብራት የማያስተማምን ከሆነ መጀመሪያ ወደ .mkv ማውጣት ይሻላል፤ እሱ ቢቋረጥም እስከዚያ የተሠራው ይከፈታል።

ተቃራኒው ችግር፣ ምስል ኖሮ ድምፅ የሌለበት፣ ከዚህ በጣም ይቀላል። ከሲኒማ ዲስክ በተቀዱ ፊልሞች ላይ ድምፁ DTS በሚባል ኮዴክ ሲሆን ይህ ያጋጥማል። አዲስ ቴሌቪዥን ስለገዛሁ አያገኘኝም ማለትም አይቻልም፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ DTSን አስቀርቶታል። እዚህ ምስሉ መነካት የለበትም፤ ድምፁ ብቻ AC3 ወደሚባል ኮዴክ ይለወጣል፦

```
ffmpeg -i film.mkv -c:v copy -c:a ac3 -b:a 448k film2.mkv
```

copy የሚለው ቃል ምስሉ ሳይፈታ እንዳለ እንዲገለበጥ ያዛል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፣ የምስሉ ጥራትም አይቀንስም።

ኮምፒውተር የሌለው ቤተሰብ ፍላሹን መጀመሪያ በዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ይሞክረው። የሪሲቨሩ ቺፕ ከቴሌቪዥኑ የተለየ ስለሆነ አንዱ ያልፈታውን ሌላው የሚፈታበት ጊዜ አለ። ላፕቶፕ ከተገኘ ደግሞ በHDMI ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማያያዝ ነው፤ ያኔ መፍታቱን ላፕቶፑ ይሠራል፣ ቴሌቪዥኑ የተፈታውን ማሳየት ብቻ ይቀረዋል። ገና ቪዲዮ ለማስነሳት የሚዋዋል ሰው ግን ዋናውን በ4K ይቀበልና ለቴሌቪዥን የሚሆን ሌላ ቅጂ ጠይቆ «1080p፣ H.264፣ 8 ቢት፣ ድምፁ AAC፣ .mp4» ብሎ በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ሲረከብም እዚያው ሱቅ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ መሃሉንና መጨረሻውን ይይ።